«ከግብር ነጻ መሆናችሁን አስረዱ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ከትርፉ የገቢ ግብር አይከፍልም። ይህን በጅማ ዙሪያ የማያውቅ የማኅበር ሊቀመንበር የለም። ብዙዎች ልብ የማይሉት ሌላ ነገር አለ፤ ነጻ መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የማኅበሩ ነው። ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሲጠይቅ «እኛ እኮ ማኅበር ነን» ብሎ መመለስ ማስረጃ አይሆንም።

ለምን አይሆንም? ማኅበር የሚባለው ብዙ ስለሆነ ነው። ወጣቶች ተደራጅተው ኮብልስቶን የሚያነጥፉበት ማኅበር አለ። እድር አለ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ በጎ አድራጊ አለ። አምስት ጓደኛሞች ተፈራርመው የከፈቱት የሽርክና ማኅበርም አለ። ኢንተርፕራይዝ ተብለው ከተደራጁት ብዙዎቹ በሕግ ዓይን የንግድ ሽርክና ናቸው፤ ከተማው ሼድ ስለሰጣቸው ብቻ ከትርፍ ግብር ነጻ አይሆኑም። እዚህ የማወራው በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ስለሚተዳደረው፣ የምዝገባ ሰርተፍኬቱን ከኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤት ስላገኘው ማኅበር ነው። የሌሎቹ መልስ ሌላ ነው፤ ሕጋቸውም ሌላ።

ደብዳቤው ለምን ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ የተንኮል ጉዳይ አይደለም። ገቢዎች ዛሬ መረጃ የሚያገኘው ከግብር ከፋዩ ብቻ አይደለም። መሠረታዊ ማኅበራት ተሰባስበው ያቋቋሙት ዩኒየን ከማኅበሩ የገዛውን ቡና በራሱ ሒሳብ ያሳውቃል። ባንክም ሲጠየቅ የሒሳብ መግለጫ ይሰጣል። በአንድ በኩል በማኅበሩ ስም ሚሊዮኖች ሲንቀሳቀሱ ይታያል፣ በሌላ በኩል ያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ምንም አላሳወቀም። ይህን ያየ ሠራተኛ መጠየቁ ሥራው ነው።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ ጥቃቅን ስለሚመስል ማንም አያየውም። የኅብረት ሥራ ማኅበር ስም ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የሚል አለ። የግል ኩባንያ ስምም ላይ አለ። መለያ ቁጥሩ ሲወጣ «ኃ.የተ.» የሚለውን ብቻ አይቶ «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ብሎ ያስገባ ሠራተኛ ካለ፣ ማኅበሩ ለዓመታት በኮምፒውተሩ ላይ የግል ኩባንያ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ከሁሉ በፊት የመለያ ቁጥር ሰርተፍኬቱን አውጡና የድርጅቱ ዓይነት የሚለው ቦታ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ። ስህተቱ እዚያ ከሆነ ግማሹ መልስ ተገኘ።

ቀጥሎ የደብዳቤውን ዓይነት ለዩ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መረጃ ወይም ማስረጃ እንድታቀርቡ የሚጠይቅ ነው። «በዚህ ቀን ውስጥ አቅርቡ» ይላል፣ የሚከፈል ገንዘብ ግን አልተወሰነበትም። ሁለተኛው የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ ነው። እዚህኛው ላይ የግብር ዘመኑ፣ የተወሰነው ግብር፣ ብዙ ጊዜም ቅጣትና ወለድ በቁጥር ተጽፏል። የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፣ መልስ ይበቃዋል። ሁለተኛው ውሳኔ ነው፣ የሚፈልገው አቤቱታ ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ክልሎች የራሳቸው አዋጅ አላቸው፤ ደብዳቤው ላይ የተጠቀሰውን አዋጅና አንቀጽ ተከተሉ። የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ሳይሆን ከደረሰበት ቀን ነው። የተቀበለው ሰው ፈርሞ የወሰደበትን ቀን የደብዳቤው ጥግ ላይ ይጻፍ። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው በማስረጃ እጦት ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። የቡና ሰሞን ነው፣ ሁሉም መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ተጠምዷል፣ ደብዳቤው ሊቀመንበሩ ኮት ኪስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያድራል። ከዚያ ሒሳብ ሹሙ ሲያየው የቀረው ጥቂት ቀን ነው።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ እንግባ። ማኅበሩ ለማስረዳት ያህል የተፈጠረ ነው፣ ቁጥሮቹም እንዲሁ፤ ነገሩ ግን በየወረዳው ያለ ነው። መና ወረዳ ውስጥ ያለ አንድ መሠረታዊ የቡና ገበሬዎች ማኅበር እንበል። እሸት ቡና ከአባላቱ ይገዛል፣ በራሱ ጣቢያ ፈልፍሎና አጥቦ ለዩኒየኑ ይሸጣል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ በ2015 በጀት ዓመት በባንክ ሒሳባችሁ 6,400,000 ብር ገብቷል፤ ምንም የትርፍ ግብር አላሳወቃችሁም፤ ከአባል ካልሆኑ ሰዎች ጋር እንደምትነግዱና መጋዘን እንደምታከራዩ መረጃ አለን፤ ከግብር ነጻ የሆናችሁበትን ማስረጃ አቅርቡ።

ደብዳቤው ውስጥ ሦስት ጥያቄ አለ። ማን ናችሁ? ይህ ገንዘብ ምንድን ነው? ከማን ጋር ነው የምትሠሩት? መልሱም በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ አንባቢው አይደናገርም።

«ማን ናችሁ» ለሚለው የመጀመሪያው ማስረጃ የምዝገባ ሰርተፍኬቱ ነው። ከሱ ጋር የጸደቀው መተዳደሪያ ደንብ ይያያዛል። ግን ሰርተፍኬት የሚናገረው የዛሬ አሥር ዓመት ስለነበረው ነገር ነው። ማኅበሩ ዛሬም አለ ወይ? አልፈረሰም ወይ? ይህን የሚመልሰው ከወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት የሚጻፍ ማረጋገጫ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ያ ለመጋዘን ቦታ ሊጠቅም ይችላል፣ ለግብር ግን ዋጋ የለውም። የምትፈልጉት አራት ነገር የያዘ ደብዳቤ ነው፦ ማኅበሩ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ስም ተመዝግቧል፤ እስካሁን ሕጋዊ ሰውነቱ እንዳለ ነው፤ የሚተዳደረው በአዋጅ 985/2009 ነው፤ ሒሳቡ እስከዚህ ዓመት ተመርምሯል። ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብትሄዱ ባለሙያው አይቀየምም። እንዲያውም ትገላግሉታላችሁ።

ስሙም ፊደል በፊደል ይነጻጸር። ሰርተፍኬቱ ላይ፣ መለያ ቁጥሩ ላይና ባንክ ደብተሩ ላይ ያለው ስም ሦስት ዓይነት ሆኖ ይገኛል። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ አንዱ ደግሞ አጥሮ የተጻፈ ነው። ልዩነቱን ሳይጠየቁ በማረጋገጫው ውስጥ «የአንድ ማኅበር ስሞች ናቸው» ብሎ ማስጻፍ ነው። አለዚያ ሰርተፍኬቱ የሌላ ሰው ነው ተብሎ ይመለሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 6,400,000 ብር ሽያጭ ነው? አይደለም። የባንክ መግለጫውን መስመር በመስመር ስታነቡት እንዲህ ይወጣል። 2,500,000 ብሩ ዩኒየኑ ለእሸት ቡና መግዣ ያበደረው ነው። 3,700,000 ብሩ የታጠበ ቡና ሽያጭ ነው። 104,000 ብሩ ከአባላት የተሰበሰበ የዕጣ ድርሻና የመመዝገቢያ ክፍያ ነው። የቀረው 96,000 ብር የመጋዘን ኪራይ ነው፣ በወር 8,000። ሲደመር ልክ 6,400,000 ይመጣል።

ብድሩ ነው ዋናው ችግር። ባንክ መግለጫ ላይ ገቢ ሆኖ ይታያል፣ ማን እንዳስገባው እንጂ ለምን እንደገባ አይጽፍም። ላኪው ደግሞ ዩኒየኑ ነው፤ ያው ቡናውን የሚገዛው ዩኒየን። ስለዚህ ሽያጭ ይመስላል። ይህን የሚያፈርሰው የብድር ውሉ፣ ብድሩ የተመለሰበት የባንክ ማዘዣና ከዩኒየኑ የሚጻፍ የሒሳብ ማስታረቂያ ናቸው። ሦስቱም ካልተያያዙ «ብድር ነው» የሚለው ቃል ብቻ ይሆናል። ዩኒየኑ ብድሩን ከሽያጩ ላይ ቀንሶ የሚከፍል ከሆነም ያው ነው፤ ሙሉ ሽያጩንና የተቀነሰውን ለየብቻ የሚያሳይ ወረቀት ከሱ ተቀበሉ።

ከብድሩ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። ሽያጩና ኪራዩ አንድ ላይ 3,796,000 ብር። ወጪው ለእሸት ቡና 3,050,000፣ ለጣቢያ ሥራ፣ ለጉልበትና ለማጓጓዣ 420,000፣ ለብድር ወለድና ለሌላው 80,000፤ በድምሩ 3,550,000። የተረፈው 246,000 ብር ነው። በዚህ ማኅበር ደንብ 30 በመቶው፣ ማለትም 73,800 ብሩ፣ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል፤ 172,200 ብሩ ለአባላት ይከፋፈላል። ከስድስት ሚሊዮን ተነስተን ወደ ሁለት መቶ ሺህ ወረድን። ነጻነቱን ገና አላነሳንም፣ የምንነጋገርበት ገንዘብ ግን ስንት እንደሆነ አሁን ታውቋል። እኔ ይህን ከሕጉ ክርክር በፊት ማስቀመጥ እመርጣለሁ። አንባቢው ስድስት ሚሊዮን እያሰበ የሚያነበው ሕግና ሁለት መቶ ሺህ እያሰበ የሚያነበው ሕግ አንድ አይደለም።

እነዚህ ቁጥሮች መቆም ያለባቸው በኦዲት ሪፖርት ላይ ነው። እውነቱን እንነጋገር፣ ኦዲቱ ብዙ ጊዜ የለም። ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያለው ኦዲተር ጥቂት ነው፣ ማኅበሩ ብዙ፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ይንከባለላል። ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ኦዲት እንዲደረግላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ያዙ። ለገቢዎች «ያልተመረመረ» ብላችሁ በግልጽ ጽፋችሁ የራሳችሁን የሒሳብ መግለጫ ከጥያቄው ቅጂ ጋር አቅርቡ፣ ኦዲቱ እስኪደርስ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። የጎደለውን ጎድሏል ማለት አያሳፍርም።

የሚያሳፍረው ወረቀት መፈብረክ ነው። የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ጠፍቷል፤ «ዛሬ ጽፈን የአምና ቀን እንስጠው» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዴት እንደሚነቃ ልንገራችሁ። የ2015 ቃለ ጉባኤ ላይ በጸሐፊነት የፈረመው ሰው የተመረጠው በ2016 ነው። ወይም ተሰብሳቢው ከመቶ በላይ ነው ተብሎ ፊርማው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ነው። ይህ አንዴ ከታየ እውነተኛዎቹ ወረቀቶችም አብረው ይጠረጠራሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ከማን ጋር ትሠራላችሁ የሚለው ነው፤ ከባዱም ይኸው ነው። እዚህ የሚያስፈልገው የአባላት መዝገብና የእሸት ግዢ ደረሰኝ ነው። እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ሻጩ፣ ኪሎው፣ ዋጋው፣ ቀኑና የአባልነት ቁጥሩ ሊኖር ይገባል። የአባልነት ቁጥር ካልተጻፈ ደረሰኙ ቡና መገዛቱን ያሳያል እንጂ ከአባል መገዛቱን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በአንድ በኩል ደረሰኙ፣ በሌላ በኩል መዝገቡ። በዚህ ጉዳይ ከ3,050,000 ብሩ 2,890,000 ብሩ ከአባላት ሆኖ ተገኘ እንበል። 160,000 ብሩ ስሙ መዝገብ ላይ የለም።

ያን 160,000 ብር ምን እናድርገው? መደበቅ አይሆንም። መጀመሪያ ውስጡን እዩት። ከፊሉ የአባል ልጅ ወይም ሚስት አባወራውን ወክላ ያስረከበችው ቡና ነው። እነዚህን ከአባሉ ቁጥር ጋር የሚያገናኝ የቦርድ ማረጋገጫ ማያያዝ ይቻላል። ቀሪው በእርግጥ አባል ያልሆነ ሰው ቡና ከሆነ፣ ነው ብሎ መጻፍ ነው። ደንቡ ይህን ይፈቅዳል ወይ የሚለውን አንቀጽ ጠቅሳችሁ መጠኑን ለብቻ አስቀምጡት።

ኪራዩም እንዲሁ ለብቻ ይታይ። ውሉ፣ ደረሰኙ፣ ገንዘቡም ወደ ማኅበሩ ሒሳብ መግባቱ። በአንድ የቦርድ አባል የግል ሒሳብ ከገባ ግን ጉዳዩ የግብር መሆኑ ቀርቶ ሌላ ይሆናል።

ለየብቻ ማስቀመጡ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሕግ ሰዎች «በአማራጭ» የሚሉት መከራከሪያ አለ። ዋናው ክርክራችሁ ማኅበሩ ኅብረት ሥራ ስለሆነ በአዋጁ መሠረት ከትርፉ የገቢ ግብር አይከፍልም የሚል ነው። ቀጥሎ፣ በአማራጭ፣ መሥሪያ ቤቱ ከአባል ውጭ ያለው ሥራና ኪራዩ ነጻ አይደለም ቢል እንኳ ግብሩ ሊታሰብ የሚገባው በዚያ ክፍል የተጣራ ገቢ ላይ ብቻ ነው ትላላችሁ። ሒሳቡ ተቀላቅሎ ከሆነ ግን ይህን ማለት አይቻልም። አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ማኅበር የሚንሸራተትበት። ነጻ የሆነው የማኅበሩ ትርፍ ነው። አባላቱ ከተከፋፈሉት የትርፍ ድርሻ ግብር አለ፣ ቀንሶ ገቢ የሚያደርገውም ማኅበሩ ነው። ከሠራተኞች ደመወዝም እንዲሁ ግብሩ ይቀነሳል፤ የጡረታውም 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከማኅበሩ ይከፈላል። ዘበኛውና ሒሳብ ሹሙ ሠራተኞች ናቸው። «እኛ ከግብር ነጻ ነን» ብሎ ይህን ሁሉ የዘለለ ማኅበር መልስ ይዞ ሲሄድ ከራሱ ወረቀት ላይ ሌላ ጥያቄ ይወጣበታል። ስለዚህ የ172,200 ብሩን ክፍፍል የሚያሳየውን ዝርዝር ከማያያዛችሁ በፊት ግብሩ ተቀንሶ የገባበት ደረሰኝ መኖሩን እዩ። ከሌለ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፣ ዘግይቶም ቢሆን በራስ ተነሳሽነት መክፈል ተገኝቶ ከመክፈል ይሻላል።

መልሱ ረጅም አይሁን። አንድ ገጽ ተኩል ይበቃል። የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ መልሱም በሱ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦

«ለ… ገቢዎች ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በቁጥር … በቀን … ለተጻፈልን የማስረጃ ጥያቄ መልስ ስለመስጠት። ደብዳቤው የደረሰን በ… ቀን ነው። ማኅበራችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 የሚተዳደር መሠረታዊ ማኅበር ሲሆን የምዝገባ ሰርተፍኬቱና የጽሕፈት ቤቱ ማረጋገጫ በአባሪ 1 እና 2 ቀርቧል። በባንክ ሒሳባችን ከገባው 6,400,000 ብር ውስጥ 2,500,000 ብሩ ብድር ነው፣ አባሪ 3። 104,000 ብሩ የአባላት መዋጮ ነው፣ አባሪ 4። የሽያጭና የኪራይ ገቢው 3,796,000 ብር ሲሆን ከወጪ ቀሪው 246,000 ብር ነው፣ አባሪ 5። ከአባላት የተገዛው ቡና ዝርዝር በአባሪ 6፣ ከአባል ውጭ የተገዛውና የኪራዩ ሒሳብ ለብቻ በአባሪ 7 ተያይዟል። ስለዚህ ማኅበሩ ከገቢ ግብር ነጻ መሆኑ እንዲረጋገጥልን፣ በመለያ ቁጥራችን ላይ ያለው የድርጅት ዓይነትም እንዲታረም እንጠይቃለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሱ። ምን እንዲደረግላችሁ እንደምትፈልጉ ካልጻፋችሁ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይገባና ያርፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ደብዳቤ እንደገና ይመጣል።

አባሪዎቹ ገጽ ቁጥር ይሰጣቸው፣ እያንዳንዱ ገጽ የማኅበሩ ማኅተም ይረፍበት። ዋናውን ሰነድ አትስጡ፤ ቅጂውን ስጡ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የራሳችሁ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። «ለባለሙያው በእጁ ሰጥቼዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ባለሙያው ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ይዛወራል።

መልሱ ተቀባይነት አጥቶ ውሳኔ ከመጣ፣ ወይም መጀመሪያውኑ የመጣው ውሳኔ ከነበረ፣ ያው ማስረጃ በቅሬታ መልክ ይቀርባል። ቅሬታው ውሳኔው የቱ ላይ እንደተሳሳተ፣ ምን እንዲስተካከል እንደምትፈልጉና ምክንያቱን ለይቶ መጻፍ አለበት። «ውሳኔው አግባብ ስላልሆነ ይሰረዝልን» ብቻ ካለ እንደ ቅሬታ ላይቆጠር ይችላል። የማትከራከሩበት ክፍል ካለ፣ ለምሳሌ ያልተቀነሰ የደመወዝ ግብር፣ እሱ አብሮ ይከፈላል። በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታው ውድቅ ከሆነ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን መሄጃው 30 ቀን ነው፤ ይግባኙ እንዲከፈት ደግሞ ክርክር ካለበት ግብር 50 በመቶው መከፈል አለበት። ስድስት ሚሊዮኑ ሳይተነተን እንዳለ ሽያጭ ተብሎ ከተወሰነ፣ ማኅበሩ ይግባኝ ለማለት ብቻ የቡና መግዣውን ገንዘብ ማስያዝ ሊኖርበት ነው። የባንክ መግለጫውን መስመር በመስመር የማንበቡ ሥራ በመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ገና ጥያቄ ሳለ ማለቅ ያለበት ለዚህ ነው።